የአክሲዮን መግለጫችሁ የሚለው ትርፍ ከኪሳችሁ ከወጣው ገንዘብ ጋር ይገጥማል? ደረጃ በደረጃ መፈተሻ

ጎንደር ውስጥ አክሲዮን ያለው ሰው ጥቂት አይደለም። ፒያሳ ባሉት የባንክ ቅርንጫፎች በኩል የገዛ አለ፤ በዘመድና በወዳጅ ጥቆማ የገባም አለ። በየዓመቱ መግለጫ ይመጣል። አብዛኛው ሰው ከታች ያለውን ድምር ያይና ወረቀቱን አጥፎ ከአክሲዮን ሰርተፍኬቱ ጋር ያስቀምጠዋል። ድምሩ ካምናው ከፍ ካለ ነገሩ ሁሉ ደህና ይመስላል።

ችግሩ ድምሩ ከፍ የሚለው በሁለት ምክንያት መሆኑ ነው። አንደኛው ገንዘባችሁ ሠርቶ ማትረፉ ነው። ሁለተኛው እናንተ ራሳችሁ ተጨማሪ ገንዘብ ማስገባታችሁ ነው። መግለጫው ሁለቱን ቀላቅሎ «አድጓል» ሲል ምን ያህሉ ትርፍ፣ ምን ያህሉ የራሳችሁ ገንዘብ እንደሆነ አይታይም። እዚህ የማሳያችሁ ሁለቱን የመለያ መንገድ ነው። ስልክ ላይ ያለ ካልኩሌተር፣ አንድ ደብተር፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ኤክሴል ወይም ጉግል ሺትስ ይበቃል።

ለምሳሌ የምወስደው አራዳ ገበያ በርበሬና ቅመማ ቅመም የሚነግዱ እናት ያሳዩኝን መግለጫ ነው። የድርጅቱን ስም ትቻለሁ። ለስሌት እንዲመቹም ቁጥሮቹንና ቀኖቹን አጠጋግቻለሁ። አካሄዱ ግን እንዳለ ነው።

መግለጫው ምን ይላል?

መግለጫው የተሰጠው ጥር 1 ቀን 2017 ነው። ከላይ «የተከፈለ ካፒታል 190,500 ብር» ይላል። ከሥሩ ሁለት ነገር በደማቁ ተጽፏል። አንደኛው «ካፒታልዎ ከ100,000 ብር ተነስቶ በ90.5 በመቶ አድጓል» የሚል ነው። ሁለተኛው «አማካይ ዓመታዊ ትርፍ 27.9 በመቶ» ይላል። ከዚያ የአራት ዓመት የትርፍ ድርሻ ሠንጠረዥ ይከተላል፦

| የሂሳብ ዓመት | ምጣኔ | ጠቅላላ | ግብር | የተጣራ | የት ገባ |
|---|---|---|---|---|---|
| 2013 | 20% | 20,000 | 2,000 | 18,000 | አክሲዮን ተገዛበት |
| 2014 | 20% | 25,000 | 2,500 | 22,500 | አክሲዮን ተገዛበት |
| 2015 | 16% | 28,680 | 2,868 | 25,812 | በገንዘብ ተከፈለ |
| 2016 | 20% | 38,100 | 3,810 | 34,290 | በገንዘብ ተከፈለ |

የአንዱ አክሲዮን ዋጋ 500 ብር ነው። የድርጅቱ የሂሳብ ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው፤ ስለዚህ «2013» ማለት ከሐምሌ 1 ቀን 2012 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2013 ያለው ጊዜ ነው። ትርፉ ግን ሰኔ 30 ላይ እጅ አይገባም። ሂሳቡ በኦዲተር ይመረመራል፣ ጠቅላላ ጉባኤ ይጠራል፣ ጉባኤው ያጸድቃል፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚከፈለው። በዚህ ምሳሌ ክፍያው በየዓመቱ ጥር 1 ላይ ነው የወደቀው። ይህችን የስድስት ወር ልዩነት ያዙልኝ፤ ኋላ ብዙ ነገር ትፈታለች።

ግብሩ በዚያን ጊዜ በአዋጅ ቁጥር 979/2008 ተደንግጎ በነበረው 10 በመቶ የተሰላ ነው። የግብር ሕግ ይሻሻላልና የራሳችሁን ስታሰሉ በተከፈለበት ዓመት ይሠራ የነበረውን ምጣኔ ጠይቃችሁ ያዙ።

ደረጃ 1፦ መግለጫውን ዘግታችሁ የራሳችሁን ዝርዝር ጻፉ

ሥራው የሚጀምረው ከመግለጫው አይደለም። ከባንክ ደረሰኝ ነው። ከኪሳችሁ የወጣውን እያንዳንዱን ክፍያ ከነቀኑ ደብተር ላይ አስፍሩ። ደረሰኝ ከጠፋባችሁ ገንዘቡ የወጣበት ባንክ የሂሳብ እንቅስቃሴ እንዲያወጣላችሁ ጠይቁ።

የእኚህ እናት ዝርዝር ሁለት መስመር ብቻ ሆነ። ሐምሌ 1 ቀን 2012 ለ200 አክሲዮን 100,000 ብር ከፍለዋል፤ በዚያው ቀን 5,000 ብር የአገልግሎት ክፍያ አለ። ገና አልፎ ጥምቀት ሳይደርስ፣ ጥር 1 ቀን 2014፣ ለ100 አክሲዮን 50,000 ብር ጨምረዋል፤ ከዚያ ጋር 2,500 ብር የአገልግሎት ክፍያ ሄዷል።

ከኪሳቸው የወጣው በጠቅላላው 157,500 ብር ነው። መግለጫው ግን የአገልግሎት ክፍያውን የትም አይጠቅሰውም። ከድርጅቱ በኩል ሲታይ ይህ ትክክል ነው፤ ያ 7,500 ብር አክሲዮን አልሆነም። ከባለ ገንዘቡ በኩል ሲታይ ግን ወጥቶ የቀረ ገንዘብ ነው፤ ከሂሳብ ሊወጣ አይገባም። አክሲዮኑን በፕሪሚየም ማለትም ከተጻፈበት ዋጋ በላይ ከፍላችሁ ገዝታችሁ ከሆነም እንደዚሁ ነው። 500 ብር የተጻፈበትን አክሲዮን በ650 ገዝታችሁ ከሆነ ያወጣችሁት 650 ነው። ድርጅቱ የትርፍ ድርሻውን የሚያሰላው በ500ው ላይ ስለሆነ «20 በመቶ» ሲላችሁ ለእናንተ የገባችሁ 100 ብር በ650 ላይ ነው፤ ግብር ሳይነካው እንኳ 15.4 በመቶ መሆኑ ነው።

እዚህ ላይ የፈረማችሁትንና የከፈላችሁትን ለዩ። 300 አክሲዮን ለመግዛት ፈርማችሁ የ200ውን ብቻ ከፍላችሁ ከሆነ፣ የትርፍ ድርሻ የሚታሰበው በተከፈለው ላይ ነው።

በትርፍ ድርሻ የተገዛው አክሲዮን፣ ማለትም 18,000ውና 22,500ው፣ በዚህ ዝርዝር ውስጥ አይገባም። ከኪስ አልወጣም፤ እዚያው ድርጅቱ ውስጥ ከአንድ መስመር ወደ ሌላ መስመር ነው የዞረው።

ዝርዝሩ ሲያልቅ የ«90.5 በመቶ አድጓል» ነገር ወዲያው ይታያል። ከ100,000 ወደ 190,500 ባለው ልዩነት ውስጥ 50,000ው የራሳቸው ነው። እናትየዋ ራሳቸው ናቸው ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ አድርገው ያሉት፦ «ልጄ፣ ይሄ 50 ሺህ እኮ ከበርበሬው ያወጣሁት ነው፤ እነሱ አልሰጡኝም!» ልክ ናቸው። ከትርፍ የመጣው የካፒታል ጭማሪ 40,500 ብር ብቻ ነው፤ ይህም 18,000 ሲደመር 22,500 ነው።

ደረጃ 2፦ የትርፍ ድርሻውን ወደ ኋላ አስሉ

ይህ ደረጃ ስህተት በብዛት የሚገኝበት ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብላችሁ ሂዱበት።

ጉባኤ ያጸደቀው ምጣኔ ይታወቃል፤ ካልያዛችሁት ከቃለ ጉባኤው ወይም ከድርጅቱ ዓመታዊ ሪፖርት ይገኛል። የተከፈለውም ብር ይታወቃል። ብሩን ለምጣኔው ስታካፍሉት ድርጅቱ በስንት ብር ካፒታል ላይ እንዳሰላላችሁ ይወጣል። ያንን ራሳችሁ ከምታውቁት ካፒታል ጋር ታነጻጽራላችሁ።

ራሳችሁ የምታውቁት ካፒታል የሚመዘነው በቆየበት ጊዜ ነው። ዓመቱን ሙሉ የቆየ ገንዘብ ሙሉውን ይቆጠራል። ግማሽ ዓመት የቆየ ግማሹ፣ ሦስት ወር የቆየ ሩቡ ይቆጠራል። አንዳንድ ድርጅት በወር፣ አንዳንዱ በቀን ይቆጥራል፤ በቀን ከሆነ ውጤቱ ትንሽ ፈቀቅ ሊል ይችላል። ጥቂት ብር ቢለያይ አትጨነቁ። ሺዎች ከተለያዩ ግን ምክንያት አለው።

2013ን እንይ። 20,000 ለ0.20 ሲካፈል 100,000 ይመጣል። ዓመቱን ሙሉ የነበረው 100,000 ነው። ገጠመ።

2014 ላይ እንምጣ። 100,000ው ዓመቱን ሙሉ ነበር። ጥር 1 ላይ ሁለት ነገር ገብቷል፦ ከኪስ 50,000፣ ከ2013 ትርፍ ደግሞ 18,000፤ በድምሩ 68,000። ከጥር እስከ ሰኔ ስድስት ወር ነውና ግማሹ 34,000 ይቆጠራል። ስለዚህ የተመዘነው ካፒታል 134,000 ብር ነው። በ20 በመቶ ሲሰላ 26,800 ብር መከፈል ነበረበት። መግለጫው ላይ ያለው 25,000 ነው።

አሁን ወደ ኋላ አስሉት። 25,000 ለ0.20 ሲካፈል 125,000 ነው። ከ134,000 ላይ 9,000 ጎድሏል። ይህ የግማሽ ዓመት ሚዛን ስለሆነ በሁለት ሲባዛ 18,000 ይሆናል። 18,000 ደግሞ ምን እንደሆነ እናውቃለን፤ የ2013 የትርፍ ድርሻ ነው! ድርጅቱ ከኪስ የገባውን 50,000 ቆጥሮ በትርፉ የተገዙትን 36 አክሲዮኖች ሳይቆጥር አልፏል ማለት ነው።

«ብሩ አነሰብኝ» ብላችሁ ብትሄዱ ሊሟገቷችሁ ይችላሉ። «በትርፌ የተገዙት 36 አክሲዮኖች ከጥር እስከ ሰኔ 2014 አልታሰቡልኝም» ብላችሁ ብትሄዱ ግን ሊመለከቱት የሚገባውን መስመር በትክክል አሳያችኋቸው።

2015 ላይ 168,000 ዓመቱን ሙሉ፣ 22,500 ደግሞ ከጥር 1 ጀምሮ ግማሽ ዓመት ነበር፤ ድምሩ 179,250 ይሆናል። በ16 በመቶ 28,680 ነው። ገጠመ። 2016 ላይ 190,500 ሙሉ ዓመት በ20 በመቶ 38,100 ይሆናል። ይሄም ገጠመ። ስለዚህ ስህተቱ የአንድ ዓመት ብቻ ነው፤ ሲስተሙ ሁልጊዜ የሚሳሳት ሳይሆን በዚያ ዓመት የአክሲዮን መዝገቡ ሳይስተካከል የቀረ ነው የሚመስለው።

የግብሩን ዓምድም በዚሁ አጋጣሚ ጨርሱት። ጠቅላላው በ0.10 ሲባዛ ግብሩ፣ ግብሩ ሲቀነስ የተጣራው። እዚህ አራቱም ዓመታት ልክ ናቸው።

ደረጃ 3፦ ትርፉ ትርፍ ወልዷል ወይ?

አክሲዮን የሚሸጡ ሰዎች የሚያሳዩት ሠንጠረዥ አለ። «100,000 ብር በ20 በመቶ፣ ትርፉ እየተመለሰ ከገባ፣ በ4 ዓመት 207,360 ይሆናል» ይላል። ሂሳቡ ራሱ ትክክል ነው፤ 1.2 አራት ጊዜ በራሱ ሲባዛ 2.0736 ነው። በእውነተኛው ዓለም ግን አይደርስበትም።

መጀመሪያ ግብር አለ። ትርፉ 10 በመቶ ግብር ተቀንሶበት ከሆነ ተመልሶ የሚገባው፣ 20ው 18 ሆነ ማለት ነው። በ18 በመቶ ደግሞ አራት ዓመት 193,878 ብር ነው የሚያደርሰው። ቀጥሎ ያቺ ስድስት ወር አለች። ሠንጠረዡ ትርፉ ሰኔ 30 ማታ ተገኝቶ ሐምሌ 1 ጠዋት አክሲዮን ይሆናል ብሎ ነው የሚያስበው። በተግባር እስከ ጥር ድረስ ምንም ሳይሠራ ይቀመጣል። የእናትየዋ 18,000 ብር ከሐምሌ እስከ ታኅሣሥ አልወለደም። በ20 በመቶ ቢሆን በዚያ ግማሽ ዓመት 1,800 ብር ያመጣ ነበር።

ይህንን ካለፈው ስህተት ጋር እንዳታደባልቁት፤ ቁጥሩ ያው 1,800 ስለሆነ ያሳስታል። የመጀመሪያው ግማሽ ዓመት የቀረው በአሠራሩ ምክንያት ነው፤ ገና አክሲዮን ስላልሆነ መብት የለበትም። ከጥር በኋላ ያለው ሁለተኛው ግማሽ ዓመት ግን አክሲዮን ሆኖ ሳይታሰብለት የቀረ ነው፤ እሱ መብታቸው ነው።

መግለጫ ላይ ትርፉ ትርፍ መውለዱን የምታውቁበት መንገድ አንድ ብቻ ነው። በትርፍ የተገዛው አክሲዮን በተገዛበት ቀን በመዝገብ ላይ መታየቱን፣ ከዚያም በሚቀጥለው ዓመት የተመዘነ ካፒታል ውስጥ መግባቱን ማየት ነው። «ትርፍዎ ወደ ካፒታል ዞሯል» የሚል ዓረፍተ ነገር ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። የአክሲዮኖቹ ቁጥርና ቀን ይጠየቃል። የተቆራረጠ ገንዘብም ካለ ጠይቁ፤ ትርፋችሁ ለ500 ተካፍሎ ሲተርፍ ትራፊው የት እንደተቀመጠ መግለጫው ማሳየት አለበት።

ደረጃ 4፦ «27.9 በመቶ» ከየት መጣ?

የምትጠራጠሩትን ቁጥር ከመቃወማችሁ በፊት እንዴት እንደተሠራ ለማግኘት ሞክሩ። አብዛኛውን ጊዜ ትገኛለች።

የአራቱን ዓመት ጠቅላላ ትርፍ ደምሩ፦ 111,780 ብር። ለአራት ዓመት ሲካፈል 27,945። ለ100,000 ሲካፈል 27.9 በመቶ። ተገኘ። የመጀመሪያውን ክፍያ ብቻ ነው የያዙት። 50,000ው ያመጣው ትርፍ ላይኛው በኩል ተቆጥሯል፣ 50,000ው ራሱ ግን ታችኛው በኩል የለም። በዚያ ላይ ግብሩ አልተቀነሰም።

አሁን በእጅ የሚሠራ ፈጣን መፈተሻ ላሳያችሁ። የተጣራ ትርፋቸውን በመጀመሪያ እናግኝ። እጃቸው የገባው በገንዘብ 25,812 እና 34,290፣ በድምሩ 60,102 ነው። ያላቸው አክሲዮን 190,500 ነው። ድምሩ 250,602። ከኪስ የወጣው 157,500 ሲቀነስ ትርፉ 93,102 ብር ነው። በሌላ በኩል አረጋግጡት፦ የተጣራ የትርፍ ድርሻ ድምር 100,602፣ ከዚያ ላይ 7,500 የአገልግሎት ክፍያ ሲቀነስ ያው 93,102። ሁለቱ መንገድ አንድ ቦታ ካልደረሱ የሆነ መስመር ዘላችኋል፤ ሳታገኙት ወደፊት አትሂዱ።

ከዚያ እያንዳንዱ ብር ስንት ዓመት እንደቆየ ቁጠሩ። 105,000ው እስከ ጥር 2017 አራት ዓመት ተኩል ቆይቷል፦ 105,000 በ4.5 ሲባዛ 472,500። 52,500ው ሦስት ዓመት፦ 157,500። በጥር 2016 የወጣው 25,812 ግን የመጨረሻውን አንድ ዓመት ድርጅቱ ውስጥ ስላልነበረ ይቀነሳል። ቀሪው 604,188 ነው። ትርፉን 93,102 ለዚህ ስታካፍሉ 15.4 በመቶ ይመጣል።

ይህ ቀላል ዓመታዊ ምጣኔ ነው፤ ትርፍ ትርፍ መውለዱን ከግምት አያስገባም። እንዲህ ባለ የብዙ ዓመት ትርፍ ላይ ትክክለኛው ዓመታዊ ምጣኔ ከዚህ ያንሳል እንጂ አይበልጥም። ስለዚህ መግለጫው ከ15.4 በእጅጉ የራቀ ቁጥር ካለ ኮምፒውተር ሳትከፍቱ ታውቃላችሁ። 27.9 እጥፍ ሊሆን ጥቂት ነው የቀረው።

ደረጃ 5፦ ትክክለኛውን ዓመታዊ ምጣኔ ማውጣት

እዚህ XIRR የሚባለው የኤክሴልና የጉግል ሺትስ ቀመር ያስፈልጋል። ቀመሩ የሚጠይቀው ሁለት ዓምድ ነው፦ ገንዘቡና ቀኑ። የሚመልሰው አንድ ቁጥር ነው፤ ገንዘባችሁ በእነዚያው ቀኖች ገብቶና ወጥቶ መጨረሻው ላይ እዚህ እንዲደርስ በዓመት በስንት በመቶ ማደግ ነበረበት የሚለውን።

ለእኛ አንድ ልዩ ችግር አለ። ኤክሴል የኛን የቀን አቆጣጠር አያውቅም። 1/11/2012 ብላችሁ ብትጽፉ ሐምሌ 1 ቀን መሆኑን አይረዳም፤ እንደ ኮምፒውተሩ አቀማመጥ የፈረንጆቹን ኖቬምበር 1 ወይም ጃንዋሪ 11 ያደርገዋል። ጳጉሜን ደግሞ ጭራሽ እንደ ወር አያውቃትም። እያንዳንዱን ቀን ወደ ፈረንጅ መለወጥ ይቻላል፤ ግን አያስፈልግም። XIRR የሚፈልገው በቀኖቹ መካከል ያለውን ርቀት ብቻ ነው። ከሁለተኛው መስመር ጀምሮ ዓመቱን A፣ ወሩን በቁጥር B፣ ቀኑን C ዓምድ ላይ አድርጉ፤ D2 ላይ ይህን ጻፉና እስከ D5 ድረስ ወደ ታች ገልብጡት፦

```
=365*A2+INT(A2/4)+30*(B2-1)+C2
```

የወሮቹ ቁጥር መስከረም 1፣ ጥር 5፣ ሐምሌ 11 ነው፤ ጳጉሜ 13። ቀመሩ ጳጉሜ 6 የምትሆንበትን ዓመት ራሱ ይቆጥራል። D ላይ የሚወጣው ተራ ቁጥር ይመስላል፤ እንደዚያው ተውት። ቀኖቹ ሲገቡ D2 ላይ 735184፣ D3 ላይ 735734፣ D4 ላይ 736465፣ D5 ላይ 736830 መውጣት አለበት።

E ዓምድ ላይ ገንዘቡ ይገባል። ከኪስ የወጣው በቅናሽ ምልክት፣ እጅ የገባው ያለ ምልክት፦ ሐምሌ 1 ቀን 2012 ላይ -105000፤ ጥር 1 ቀን 2014 ላይ -52500፤ ጥር 1 ቀን 2016 ላይ 25812። ጥር 1 ቀን 2017 ላይ 224790፤ ይህም የተከፈለው 34,290 እና ያለው አክሲዮን 190,500 ድምር ነው። ከዚያ፦

```
=XIRR(E2:E5,D2:D5)
```

0.1255 ገደማ ይመጣል፤ 12.6 በመቶ ማለት ነው።

#NUM! የሚል ስህተት ከመጣ በአብዛኛው የቅናሽ ምልክቱን ረስታችሁ ነው። ከዚህ የባሰው ግን ስህተት ሳይመጣ ቁጥሩ የተሳሳተ ሲሆን ነው። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው፦ በትርፍ የተገዛውን 18,000 እና 22,500 እንደ ገቢ ያስገባል። እነዚያ ብሮች ግን በመጨረሻው 190,500 ውስጥ አሉ፤ ሁለቴ ተቆጠሩ። እንደዚያ ሲደረግ ውጤቱ ከ12.6 ወደ 18.9 ይዘላል። ትንሽ መስሎ የሚታይ ነገር ስድስት ነጥብ ይጨምራል ማለት ነው።

ለድርጅቱም ሚዛናዊ ለመሆን

12.6 በመቶው ሁለት ነገር ላይ ቆሟል፤ ሁለቱንም ማወቅ ይገባል።

አንደኛው ቀኑ ነው። መግለጫው ጥር ላይ ነው የተሰጠው፤ ከሐምሌ 2016 ወዲህ ያለው ስድስት ወር ትርፍ ግን ገና አልታወጀም። እኛ ያንን ጊዜ ቆጠርነው፣ ትርፉን አልቆጠርነውም። ድርጅቱ «ሂሳቡ በሰኔ 30 ይዘጋ» ቢል ተገቢ ክርክር ነው። ያንን ለመሞከር የመጨረሻውን መስመር ቀን ብቻ ወደ ሰኔ 30 ቀን 2016 መልሱት፤ 14.3 በመቶ ገደማ ይወጣል። ስለዚህ እውነተኛው መልስ በ12.6 እና በ14.3 መካከል ነው። ለድርጅቱ በሚያደላው መንገድ እንኳ ተሰልቶ ከ27.9 ግማሽ ብዙም አይዘልም።

ሁለተኛው የአክሲዮኑ ዋጋ ነው። 190,500 የተጻፈበት ዋጋ ነው። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2017 በይፋ ቢከፈትም፣ በገበያው ላይ ያልተመዘገበ ድርጅት አክሲዮን በየቀኑ የሚታወቅ የገበያ ዋጋ የለውም። ሰው ከሰው ተስማምቶ ነው የሚሸጠው። ከተጻፈበት በላይ የሚገዛ ካለ ምጣኔው ይጨምራል፤ ገዥ ከጠፋና ዋጋ ቀንሳችሁ ከሸጣችሁ ይቀንሳል። መግለጫው ከተጻፈው በላይ የሆነ «የአሁኑ ዋጋ» ካስቀመጠላችሁ በዚያ ዋጋ ማን፣ መቼ እንደገዛ ጠይቁ። መልስ ከሌለ በተጻፈው ዋጋ አስሉ።

ደረጃ 6፦ ምን ብላችሁ ትጽፋላችሁ?

ቅርንጫፍ ያሉት ሠራተኞች መግለጫውን ያደርሳሉ እንጂ አያሰሉትም። የአክሲዮን መዝገቡ በአብዛኛው ዋናው መሥሪያ ቤት የባለአክሲዮኖች ክፍል ነው ያለው። ስለዚህ በቃል ከመሟገት በጽሑፍ ማቅረብ ይሻላል፤ ደብዳቤው በቅርንጫፉ በኩል ቢሄድም ቅጂው ላይ «ደርሶናል» የሚል ማኅተምና ቀን አስደርጉ።

ከመጻፋችሁ በፊት የሚጠየቀውን ብር ጨርሱት። የእናትየዋ ጉዳይ በ1,800 ብር አያበቃም፤ የጎደለው ትርፍ ኋላ የሚወልደውንም አጉድሏል። 1,800 ግብር ሲቀነስ 1,620 ነው። ያ ተጨምሮ ቢሆን የ2014 የተጣራ ትርፋቸው 24,120 ሆኖ በ45 ፈንታ 48 አክሲዮን ይገዛ ነበር፤ 120 ብር ይተርፍ ነበር። የጎደሉት ሦስት አክሲዮኖች በ2015 ለግማሽ ዓመት 120 ብር፣ በ2016 ለሙሉ ዓመት 300 ብር ያመጡ ነበር። ከግብር በኋላ 108 እና 270። ሁሉም ሲደመር 1,998 ብር ነው።

ደብዳቤው አጭር ይሁን። እኛ የጻፍነው ይህን ይመስላል፦

«በ2014 የሂሳብ ዓመት የተከፈለኝ 25,000 ብር በ20 በመቶ ሲመለስ በ125,000 ብር ካፒታል ላይ የተሰላ ነው። በቆይታ ጊዜ የተመዘነው ካፒታሌ ግን 134,000 ብር ነው። ልዩነቱ ጥር 1 ቀን 2014 በ2013 የትርፍ ድርሻዬ የተገዙት 36 አክሲዮኖች ለስድስት ወር ባለመታሰባቸው የመጣ ነው። የአክሲዮን መዝገቤ ከነቀኑ እንዲሰጠኝ፣ የጎደለው የትርፍ ድርሻና በእሱ ምክንያት የቀረው በድምሩ 1,998 ብር እንዲስተካከልልኝ እጠይቃለሁ። እንዲሁም በመግለጫው ላይ የተጻፈው 27.9 በመቶ በየትኛው የተከፈለ ገንዘብና በየትኛው ቀን ላይ ተመሥርቶ እንደተሰላ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ እጠይቃለሁ።»

የደረሰኞቹን ቅጂና የደብተሩን ስሌት አያይዙ፤ ዋናውን ደረሰኝ ለማንም አትስጡ።

መልሱ ሲመጣ የምትፈልጉት የአክሲዮን መዝገቡን ነው። መዝገቡ 36ቱ አክሲዮኖች የገቡት ጥር ላይ ሳይሆን ሐምሌ 2014 ላይ ነው ካለ፣ ስሌቱ ትክክል ይሆንና ጥያቄው ይለወጣል፦ ትርፉ ጥር ላይ ከተከፈለ አክሲዮኑ ለምን ስድስት ወር ዘገየ? ያን ጊዜ የሚታየው ትርፉ ወደ አክሲዮን እንዲዞር የፈረማችሁበት ቅጽና በላዩ ላይ ያለው ቀን ነው። ጥር ላይ ነው ካለ ደግሞ ሂሳቡ ከላይ እንዳሰላነው ነው፤ 1,998 ብሩ ይከፈላል።

ስለ 27.9 በመቶው «አማካይ ነው» የሚል መልስ ብቻ ከመጣ እንደገና ጻፉ። የየትኛው ቁጥር አማካይ? የአራቱ ዓመት ምጣኔዎች አማካይ እንኳ 19 በመቶ ነው፤ 27.9 አይሆንም። ጉዳዩ የዓመት ትርፍ ማጋነን ሆኖ አክሲዮን ለመሸጫነትም እየዋለ ከሆነ፣ በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ጋ የደብዳቤውን ቅጂና ስሌቱን ይዞ ማመልከት ይቻላል።